«ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ» በኦንላይን ቅጽ ውስጥ

የሥራ ማስታወቂያ በጋዜጣና በሰሌዳ ብቻ በሚወጣበት ጊዜ ማመልከቻ እጅ በእጅ የሚሰጥ ወረቀት ነበር። አመልካቹ ደብዳቤውን ራሱ ይጽፋል ወይም ኮምፒውተር ቤት ያስጽፋል፤ ከትምህርት ማስረጃው ፎቶ ኮፒ ጋር በካኪ ፖስታ ያደርግና መዝገብ ቤት ያስገባል። አሁን ብዙ ቀጣሪ ማስታወቂያውን በቴሌግራም ይለቅና ከሥሩ አንድ ሊንክ ያስቀምጣል። ሊንኩ ሲነካ ቅጽ ይከፈታል፦ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የትምህርት ዓይነት፣ የምረቃ ዓመት፣ ሲቪ የሚጫንበት ቦታ። መጨረሻ ላይ ሰፋ ያለ ባዶ ሳጥን አለ። «የማመልከቻ ደብዳቤዎን እዚህ ያስገቡ» ይላል።

አዲስ ተመራቂ የሚቸገረው እዚህ ሳጥን ላይ ነው። ከላይ ያሉት ጥያቄዎች መልሳቸው የታወቀ ነው፤ ሳጥኑ ግን ምን እንደሚፈልግ አይናገርም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ቀደም ሲል ለሌላ መሥሪያ ቤት የጻፈውን ደብዳቤ ይከፍታል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ይለጥፋል፣ «ላክ» የሚለውን ይጫናል።

ለብዙ የሥራ መደቦች ይህ ትልቅ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ሒሳብ ሠራተኛ ደብዳቤው ቢዝረከረክም በፈተና ሒሳቡን ሠርቶ ያሳያል። የደንበኞች አገልግሎት ግን ከዚህ ይለያል። የዚህ ሥራ ዋናው ክፍል ሰው የጠየቀውን በትክክል መረዳትና ግልጽ መልስ መስጠት ነው። ማስታወቂያው ደግሞ ጥያቄ ነው፤ ደብዳቤው መልስ ነው። ቀጣሪው ሳጥኑን ከፍቶ ሲያነብ አመልካቹ ነገ ለደንበኛ እንዴት እንደሚመልስ ናሙናውን እያየ ነው።

ማስታወቂያውና የመጀመሪያው ደብዳቤ

አንድ ማሳያ እንውሰድ። በአዲስ አበባ በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርስ ድርጅት ለጥሪ ማዕከሉ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ይፈልጋል እንበል። ማስታወቂያው በአማርኛ ወጥቷል፦ በማርኬቲንግ፣ በማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ ዲግሪ ያላት/ያለው፤ የመውጫ ፈተና ያለፈች/ያለፈ፤ የሥራ ልምድ 0 ዓመት፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ የምትናገር/የሚናገር፤ በፈረቃ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነች/የሆነ። ደብዳቤው የሚገባበት ሳጥን ከ1500 ፊደል በላይ አይቀበልም።

አመልካቿ በ2016 ዓ.ም. በማርኬቲንግ ማኔጅመንት የተመረቀች ወጣት ናት። የመውጫ ፈተናውን አልፋለች። ይህ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጥና ማለፊያው 50 በመቶ የሆነ ነው። መደበኛ ሥራ ሠርታ አታውቅም። መጀመሪያ የለጠፈችው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ቀን 12/03/2017 ዓ.ም.
ለሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያ
አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻ ማቅረብን ይመለከታል
ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው እኔ አመልካች መሥሪያ ቤታችሁ ባወጣው ክፍት የሥራ መደብ ላይ ለመወዳደር ከፍተኛ ፍላጎት ያለኝ መሆኑን በትህትና እገልጻለሁ። እኔ ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ የሥራ ጫናን መቋቋም የምችልና ጥሩ የመግባባት ችሎታ ያለኝ ስሆን ዕድሉ ቢሰጠኝ ራሴንም ሆነ መሥሪያ ቤቱን ለማሳደግ የበኩሌን አስተዋጽኦ አደርጋለሁ። ስለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።
ከሠላምታ ጋር»

በሰዋስው በኩል የሚነቀፍ ነገር የለውም። አጻጻፉም ሁላችንም በትምህርት ቤት የተማርነው፣ በመሥሪያ ቤት የሚሠራበት የደብዳቤ ሥርዓት ነው። ለመዝገብ ቤት የሚገባ ወረቀት ቢሆን ቀኑም፣ «ጉዳዩ» የሚለውም መስመር ሥራ አላቸው፤ ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ወደየትኛው ክፍል እንደምትመራው የምታውቀው በእነሱ ነው። ቅጹ ውስጥ ግን ሥራ የላቸውም። ማመልከቻው መቼ እንደተላከ ሲስተሙ ራሱ ይመዘግባል፤ ለየትኛው መደብ እንደሆነም ቅጹ ያውቀዋል። «ክፍት የሥራ መደብ» ስትል ደግሞ የትኛው መደብ እንደሆነ አልጠቀሰችም፤ የዘበኛም፣ የሾፌርም፣ የሒሳብ ሹምም ማመልከቻ ሊሆን ይችላል።

ማስታወቂያው ከጠየቀው ውስጥ ደግሞ ሁለቱን ቅጹ ለብቻው አይጠይቅም፦ ቋንቋውንና ፈረቃውን። ደብዳቤዋ ስለሁለቱም ምንም አይልም። ደንበኛ ደውሎ «ዕቃዬ የት ደረሰ? ማታ ልቀበለው እችላለሁ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅና ሠራተኛዋ «ድርጅታችን ታማኝና ታታሪ ነው» ብላ ብትመልስ ምን ይሰማዋል? ቀጣሪው የተሰማው እሱ ነው።

አንባቢው ምን ያያል?

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ የሚደርስበትን ማወቅ ለአጻጻፉ ይረዳል። አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ጉግል ፎርምን ነው። የተሞላው ቅጽ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ እያንዳንዱ አመልካች አንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ አምድ ይሆናል። የሰው ኃይል ሠራተኛው በፊቱ የሚያየው ገጽ ያለው ወረቀት አይደለም። ከስልክ ቁጥርና ከምረቃ ዓመት ጎን የተወሸቀ ጠባብ ሕዋስ ነው። ሕዋሱ ሳይሰፋ የሚታየው የደብዳቤው መጀመሪያ ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማንበብ እዚያ ሕዋስ ላይ መጫን አለበት።

በዚህ ሰንጠረዥ ላይ የእኛ አመልካች ደብዳቤ የሚጀምረው «ቀን 12/03/2017 ዓ.ም. ለሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያ አዲስ አበባ» በሚል ነው። ከላይዋ ያለው አመልካችም፣ ከታችዋ ያለውም እንዲሁ ጀምረው ከሆነ ሦስቱን የሚለይ ነገር አይታይም። ስለዚህ ቀን፣ አድራሻ፣ «ጉዳዩ» እና «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚሉት ከዚህ ሳጥን ይውጡ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መደቡን በስሙ ይጥራ፤ ሁለተኛው ማስታወቂያው የጠየቀውን ይመልስ።

ዓመተ ምሕረት ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቅጹ አብዛኛው ሶፍትዌር የውጭ ስለሆነ የቀን መምረጫው የሚያሳየው የአውሮፓውያኑን ዘመን አቆጣጠር ነው። አመልካቿ በቅጹ ላይ 2024 ብላ፣ በደብዳቤው 2016 ብላ፣ በሲቪዋ ደግሞ ሳትለይ አንዱን ብትጽፍ አንባቢው የስምንት ዓመት ልዩነት ያለ ሊመስለው ይችላል። «2016 ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ. 2024» ብሎ መለየት ከዚህ ያድናል።

ልምድ የሌለው ሰው ምን ይጽፋል?

«የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሰው ባዶ እጁን ይምጣ ማለቱ አይደለም። ደመወዝ ተከፍሎት የሠራበት ደብዳቤ አንጠይቅም ማለቱ ነው። ብዙ ተመራቂ ደንበኛን አስተናግዶ ያውቃል፤ ግን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። የአክስቱ ሱቅ ውስጥ በቴሌብር የተከፈለ ገንዘብ «አልገባም» እየተባለ ተከራክሯል፤ በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ስለ ካፌው ምግብ ቅሬታ ተቀብሏል፤ ለተግባር ልምምድ የተመደበበት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ አስቀምጦታል።

የእኛ አመልካች የተግባር ልምምዷን ያደረገችው በአንድ ከተማ የውኃ አገልግሎት ቢሮ ነው እንበል። «ምን ሠራሽ?» ተብላ ስትጠየቅ መጀመሪያ የምትመልሰው «ደንበኞችን አስተናግጃለሁ» ብላ ነው። ይህ መልስ ከ«ታታሪ ነኝ» ብዙም አይሻልም። ጥያቄው ወደ አንድ ቀን፣ ወደ አንድ ሰው ሲጠብ ግን ነገሩ ይወጣል። ማን መጣ? ምን ይዞ መጣ? አንቺ መጀመሪያ ምን አደረግሽ? ከዚያስ? በምን አለቀ?

መልሷ እንዲህ ነበር። የሚበዛው ቅሬታ የቆጣሪ ንባብ ነው። አንድ አባወራ የወሩ ሒሳብ እጥፍ ሆኖበት ተቆጥቶ መጣ። ቢሉን ተቀብላ አየችው፦ ያለፈው ወር ንባብ 412፣ የዚህ ወር 488፣ ስለዚህ የተጠየቀው የ76 ሜትር ኩብ ሒሳብ ነው። ሰውየው ግን የቆጣሪውን ፎቶ በስልኩ ይዞ ነበር፤ ፎቶው ላይ የሚነበበው 438 ነው። ሦስቱ እንደ ስምንት ተነቦ ኖሮ 50 ሜትር ኩብ ተጨምሮበታል። እሷ ሒሳብ የማስተካከል ሥልጣን አልነበራትም። ያደረገችው ቅሬታውን መዝገብ ላይ ማስፈር፣ ቆጣሪ አንባቢው ዳግመኛ የሚመጣበትን ቀን ጠይቃ ለሰውየው መንገርና የመዝገቡን ቁጥር በቢሉ ጀርባ ላይ መጻፍ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ደውላ መምጣቱን አረጋገጠች።

አንድ የጥሪ ማዕከል ኃላፊ ከአዲስ ሠራተኛ የሚፈልገው ሁሉ በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ አለ። የተቆጣን ሰው ቁጣውን ትታ ወረቀቱን አይታለች። ከመከራከሯ በፊት መረጃውን አመሳክራለች። ከሥልጣኗ በላይ የሆነውን «እኔ አስተካክልልዎታለሁ» ብላ ቃል አልገባችም፤ የሚችለው ሰው መቼ እንደሚመጣ ግን ነግራለች። ቁጥር ሰጥታለች፤ ተከታትላለች። በስልክም ሆነ በመስኮት፣ በውኃ ቢልም ሆነ በጠፋ ዕቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። «የሥራ ጫናን መቋቋም እችላለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ይህ ታሪክ ይተካዋል፤ አንባቢው ራሱ ወደዚያ መደምደሚያ ይደርሳል።

ታሪኩ ሲጻፍ ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ። አንደኛው ማጋነን ነው፤ «የቢሮውን የቅሬታ አያያዝ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ቀየርኩ» የሚል ተለማማጅ የሚያምነው የለም። ሁለተኛው መሥሪያ ቤቱን ማማት ነው። «ቆጣሪ አንባቢዎቹ ግዴለሾች ስለነበሩ» ብሎ የጻፈ ሰው ነገ ስለ እኛም ሞተረኞች ለደንበኛ እንዲህ ይላል ተብሎ ይታሰባል። ደንበኛ ፊት የራስን ቤት የማያማ ሰው ነው የሚፈለገው። «የንባብ ስሕተት» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ቋንቋም እንደዚሁ በልኩ ይጻፍ። አፋን ኦሮሞ ሰምታ የምትረዳ ግን ስትናገር የምትንተባተብ ከሆነ «እሰማለሁ፤ በመጠኑ እናገራለሁ» ትበል። ጠያቂው በቃለ መጠይቁ መካከል ቋንቋውን ቀይሮ መጠየቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከቋንቋው ችሎታ ይልቅ የሚጎዳት የጻፈችው አለመገጠሙ ነው።

የታረመው ደብዳቤ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

«ለጥሪ ማዕከላችሁ ለወጣው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ መደብ አመለክታለሁ። በ2016 ዓ.ም. በማርኬቲንግ ማኔጅመንት ተመርቄ የመውጫ ፈተና አልፌያለሁ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እናገራለሁ፤ በምሽትና በሰንበት ፈረቃ መሥራት እችላለሁ።

ተማሪ ሳለሁ የተግባር ልምምድ ያደረግሁት በአንድ የከተማ ውኃ አገልግሎት ቢሮ የደንበኞች መስኮት ላይ ነው። አብዛኛው ቅሬታ ስለ ቆጣሪ ንባብ ነበር። ደንበኛ ሒሳብ በዝቶብኛል ብሎ ሲመጣ ቢሉን ተቀብዬ የሁለቱን ወር ንባብ አስተያይ ነበር። ስሕተት ካለ መዝግቤ፣ ቆጣሪ አንባቢው የሚመጣበትን ቀንና የቅሬታውን ቁጥር ሰጥቼ እሸኛለሁ፤ ቀኑ ሲያልፍም ደውዬ መስተካከሉን እጠይቃለሁ። ስሕተት ከሌለ ስሌቱን አብረን እንሠራለን።

ወደ እናንተ የሚደውል ደንበኛም በብዛት ዕቃው የዘገየበት ወይም ያልደረሰው ይመስለኛል። በመስኮቱ ላይ እንዳየሁት፣ ሰው መልሱ ባይስማማው እንኳ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግና መቼ እንደሆነ ሲያውቅ ይረጋጋል። በጥሪ ማዕከሉም ይህንኑ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

ለፈተናም ሆነ ለቃለ መጠይቅ በማንኛውም የሥራ ቀን መቅረብ እችላለሁ።»

ከመቶ ቃል ብዙም የማይበልጥ ጽሑፍ ነው፤ ከተፈቀደው 1500 ፊደልም ብዙ ይቀረዋል። ቦታ ስለተረፈ ብቻ መሙላት አያስፈልግም። የመጀመሪያው አንቀጽ ማስታወቂያውን ነጥብ በነጥብ ይመልሳል፤ ሕዋሱ ሳይሰፋ የሚታየውም እሱ ነው። ሁለተኛው ማስረጃው ነው። ሦስተኛው ያንን ማስረጃ ከዚህ ድርጅት ሥራ ጋር ያገናኘዋል፤ ለሌላ ድርጅት ስትልክ የሚለወጠውም በዋናነት ይህ አንቀጽ ነው። ለባንክ ቢሆን «ገንዘቡ ከሒሳቡ ወጥቶ ያልደረሰለት» ትል ነበር።

ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ይሁን። ብዙ ባንኮችና የውጭ ድርጅቶች እንዲህ ያደርጋሉ። በዚያ ጊዜ ግን የአማርኛውን «ከላይ በርዕሱ» ቃል በቃል አዙሮ ከመጻፍ ታሪኩን ከመጀመሪያው በዚያ ቋንቋ መንገር ይሻላል።

ሲለጠፍ የሚበላሸው

ጥሩ ደብዳቤ ጽፎ በመለጠፍ ላይ ማበላሸት ቀላል ነው። ምክንያቱም ሳጥኑ የሚቀበለው ፊደልን እንጂ የገጽ አቀማመጥን አይደለም። በወርድ የተደመቀው ጽሑፍ ድምቀቱን ያጣል፤ ሠንጠረዥ ፈርሶ ቃላቱ ይደረደራሉ፤ ቀኑን ወደ ቀኝ ዳር ለመግፋት በባዶ ቦታ የተሞላው መስመር መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል አንድ ባዶ መስመር ከመተው ሌላ ምንም ዓይነት አቀማመጥ አይሞከር።

ለአማርኛ ጽሑፍ ብቻ የሚገጥም ከዚህ የባሰ ችግር አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፊደላት፣ የድሮዎቹን የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ጨምሮ፣ የፊደሉን ቅርጽ የሚስሉት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ኮምፒውተሩ «ሀ»ን እንደ ሌላ ምልክት ነው የሚያውቀው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው ፎንቱ ስላለ ብቻ ነው። አንዳንድ ኮምፒውተር ቤት እስከ ዛሬ በእነዚህ ይጽፋል። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ በወርድ ላይ ያምራል፤ በወረቀትም ያምራል። ቅጹ ላይ ሲለጠፍ ግን ፎንቱ ስለማይከተለው የላቲን ፊደል፣ የቅንፍና የነጥብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ለመለየት ቀላል ነው፦ ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ በስልክ ለራስ በቴሌግራም መላክ ነው። እዚያ አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው። ካልተነበበ መድኃኒቱ ፎንት መቀየር አይደለም፤ በስልክ የአማርኛ ኪቦርድ እንደገና መጻፍ ነው።

ቴሌግራም ራሱም አንድ ወጥመድ አለው። ብዙ ሰው ደብዳቤውን በተቀመጡ መልእክቶች ውስጥ ከፋፍሎ ያኖራል። በኮምፒውተር ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ መልእክት አብሮ ተመርጦ ኮፒ ሲደረግ የላኪው ስምና ሰዓቱም አብረው ይገለበጣሉ፤ በደብዳቤው መሐል ስምና ቀን በቅንፍ ተሰክቶ የሚገኘው በዚህ ነው። ከፒዲኤፍ ሲገለበጥ ደግሞ እያንዳንዱ መስመር መጨረሻው ላይ ይቆረጣል፤ ሳጥኑ ውስጥ ጽሑፉ እንደ ግጥም ስንኝ ተደርድሮ ይታያል። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው፦ ጽሑፉን መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ወይም በስልክ የማስታወሻ መተግበሪያ ላይ ለጥፎ ማጽዳት፣ ከዚያ ወደ ሳጥኑ መውሰድ። ሳጥኑ ውስጥ በቀጥታ መጻፍም አይመከርም፤ መብራት ቢሄድ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል።

የፊደል ገደቡም አማርኛ ላይ ሊያታልል ይችላል። 1500 ፊደል በአማርኛ ከ250 ቃል በላይ ይይዛል፤ ይበቃል። አንዳንድ ሲስተም ግን የሚቆጥረው ፊደልን ሳይሆን በባይት የሚለካውን የማከማቻ ቦታ ነው። በድረ ገጽ በተለመደው አቀማመጥ፣ በUTF-8፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲፈጅ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይፈጃል። ስለዚህ ያው 1500 በአማርኛ መቶ ቃል ገደማ ላይ ያልቃል፤ የእኛ አመልካች ደብዳቤም መጨረሻው ሊቆረጥ ነው ማለት ነው። ሳጥኑ ቆጣሪ ካለው ማወቅ ይቻላል፦ አንድ «ሰ» ብቻ ጽፎ ቆጣሪውን ማየት ነው። በአንድ ከቀነሰ ፊደል ይቆጥራል፤ በሦስት ከቀነሰ ባይት ይቆጥራል። ቆጣሪ ከሌለው ከለጠፉ በኋላ እስከ መጨረሻው ወርዶ የመጨረሻው ቃል ሙሉ መሆኑን ማየት ግድ ነው። መቀነስ ካስፈለገ ከታሪኩ ሳይሆን ከሦስተኛው አንቀጽ ይቀነስ።

ከመላኩ በፊት የሚቀር አንድ ፍተሻ የሌላ ድርጅት ስም ነው። ደብዳቤው ትናንት ለባንክ ሄዶ ከነበረ «ባንካችሁ» የሚል ቃል የሆነ ቦታ ተደብቆ ይቀራል። ዓይን የለመደውን ስለማያይ ጮክ ብሎ ማንበብ ይሻላል። የደንበኛን ስም አሳስቶ የሚጠራ የስልክ ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚያስቀይም ቀጣሪው ያውቃል፤ ስለዚህ ይህን ስሕተት በዚህ መደብ ላይ በቀላሉ አያልፈውም።

ደብዳቤው የማይችለው

ደብዳቤው ሁሉን አይከፍትም። ማስታወቂያው የነጥብ ገደብ ካስቀመጠ ከዚያ በታች ያሉት ሰንጠረዡ ላይ ሲጣሩ ይወጣሉ፤ የእነሱን ደብዳቤ የሚያነብ የለም። የመውጫ ፈተና ያላለፈ ሰውም በጥሩ ጽሑፍ ያንን ማካካስ አይችልም። አንዳንድ ቀጣሪ ሳጥኑን ከልማድ ያስቀምጠዋል እንጂ ጭራሽ አያየውም። ደብዳቤው የሚሠራው ከማጣሪያው ያለፉ ብዙ ተመሳሳይ ተመራቂዎች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ሲቀሩ፣ ነጥባቸውም ትምህርታቸውም ተቀራራቢ ሲሆንና ማንን እንጥራ ሲባል ነው። የአዲስ ተመራቂ ውድድር ደግሞ በብዛት እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።

ከዚያ ስልክ ይደወላል። ለጥሪ ማዕከል ሥራ ይህ ስልክ ራሱ ፈተና ነው፤ ደዋዩ ድምፅዋን፣ የምትናገርበትን ፍጥነት፣ ጥያቄውን አዳምጣ መጨረሷን እየሰማ ነው። የሚጠይቃትም ከደብዳቤው ነው፦ «ቆጣሪው በትክክል ተነቦ ቢሆንና ሰውየው አላምንም ቢል ምን ታደርጊ ነበር?» እዚህ ላይ የሚያድናት የጻፈችው ታሪክ በእርግጥ የደረሰ መሆኑ ነው። የሌላ ሰው ደብዳቤ የለጠፈ አመልካች ይህ ጥያቄ ሲመጣ የሚመልሰው የለውም፤ እሷ ግን ስሌቱን አብረው የሠሩበትን ሌላ ደንበኛ ታስታውሳለች።

ስለዚህ «ላክ» ከመጫን በፊት የሚቀር ሥራ አለ። ብዙ ቅጽ ከተላከ በኋላ ደብዳቤውን መልሶ አያሳይም፤ ስልኩ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ ሳለች ሊመጣ ይችላል። የለጠፈችውን ጽሑፍ፣ የድርጅቱን ስም፣ የተላከበትን ቀንና የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንድ ቦታ አድርጋ ታስቀምጥ። ማስታወቂያው የመዝጊያ ቀኑ ሲያልፍ ከቻናሉ ሊነሳ ስለሚችል ያለዚህ ኮፒ ምን እንደተጠየቀች እንኳ ማስታወስ ይከብዳታል። ስልኩ ሲመጣና ቦታው ካልተመቸ «ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልደውልልዎት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ነውሩ በአሥር ደቂቃ አለመደወል ነው፤ ለመቀጠር የምታመለክትበት ሥራም ይኸው ነውና።